የዩቲዩብ ቪዲዮ ከሚፈለገው ደቂቃና ሰከንድ ላይ እንዲጀምር ሊንኩን እንዴት እናዘጋጃለን?

«ቪዲዮውን ልኬላቸው ነበር፤ ግን ሲከፍቱት ከመጀመሪያው ነው የሚነሳው። እኔ ከምፈልገው ቦታ እንዲጀምር ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንዱ ከሦስት ሰዓት ስብከት ውስጥ አንዲት ምሳሌ ብቻ ለወንድሙ ማሰማት ይፈልጋል። ሌላዋ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቿ፣ ከረጅም የፊዚክስ ትምህርት አንድ ጥያቄ የተሠራበትን ቦታ ማሳየት ትፈልጋለች። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሊንኩን ልኮ «ከ47ኛው ደቂቃ ጀምረህ እይ» ብሎ መጻፍ ነው። ተቀባዩ ታዲያ በትንሽ ስክሪን ላይ በጣቱ 47ን ሲፈልግ መጀመሪያ 44 ላይ ያርፋል፣ ቀጥሎ 51 ላይ፤ ባረፈበት ሁሉ ቪዲዮው እንደ አዲስ ስለሚጭን ዳታው ያልቃል። ሰዓቱ ሊንኩ ውስጥ ከተጻፈ ግን ቪዲዮው በቀጥታ ከዚያ ቦታ ይጫናል፤ ከፊቱ ያለው ክፍል አይወርድም።

የምጽፈው ዩቲዩብ ላይ ስላለ ቪዲዮ ነው። ትኩረቴም ስልክ ላይ ነው፤ የሚቸገሩት በአብዛኛው በስልክ የሚጠቀሙ ሰዎች ናቸውና። ለኮምፒውተር አጭሩን መንገድ ከታች አስቀምጫለሁ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻ እንሂድ። አንድ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓሉን በቀጥታ አስተላልፎ ቅጂው ዩቲዩብ ላይ ቀርቷል እንበል። ርዝመቱ ከአራት ሰዓት ይበልጣል። የእህታችሁ ልጅ ስሟ ተጠርቶ ወደ መድረክ የምትወጣው ቪዲዮው 3:47:12 ሲል ነው። ይህችን ቦታ ደሴ ላሉት አያቷ፣ ሪያድ ላለችው አክስቷና ሜሪላንድ ላለው አጎቷ መላክ ትፈልጋላችሁ። አያትየው አራት ሰዓት ሙሉ እንዲፈልጉ አይጠበቅም፤ ሊንኩን ሲነኩ የልጅ ልጃቸው ስም መሰማት አለበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዩቲዩብ ያለበት ስልክ
- ሊንኩን ለማስተካከል የሚሆን የጽሑፍ ቦታ። ቴሌግራም ካላችሁ `Saved Messages` ምቹ ነው፤ ለራሳችሁ ብቻ የሚታይ ስለሆነ ያልተስተካከለ ሊንክ በስህተት ለሰው አትልኩም፤ እዚያው ነክታችሁም መሞከር ትችላላችሁ።
- የስልኩ ካልኩሌተር
- ወደ እንግሊዝኛ የተቀየረ ኪቦርድ። ሊንኩ ላይ የሚጨመሩት ፊደሎችም ቁጥሮችም የላቲን መሆን አለባቸው።

መጀመሪያ ሊንኩን እንወቀው

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ከሞላ ጎደል የሚመጡት ሊንኩን እንደ አንድ ወጥ ጽሑፍ ከማየት ነው። ሊንኩ ግን የተለያየ ሥራ ያላቸው ቁርጥራጮች አሉት። ከዩቲዩብ አፕ `Share` ብላችሁ ኮፒ ስታደርጉ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። የቪዲዮው መለያ ለምሳሌ ብቻ የተጻፈ ስለሆነ ብትከፍቱት አይሠራም።

```
https://youtu.be/ABCdef12345?si=Xy7kQ
```

እዚህ ውስጥ ዋናው `ABCdef12345` የሚለው ነው። የቪዲዮው መለያ ይህ ነው። እያንዳንዱ የዩቲዩብ ቪዲዮ 11 ፊደልና ቁጥር ያለው የራሱ መለያ አለው፤ አንዳንዴ በመካከሉ `-` ወይም `_` ይኖራል፣ እነሱም ከ11ዱ ይቆጠራሉ። ትልቁና ትንሹ ፊደል የተለያዩ ናቸው፤ `A` በ`a` ከተተካ ሌላ ቪዲዮ ይሆናል ወይም ምንም አይከፈትም።

የጥያቄ ምልክቱ «አድራሻው እዚህ አበቃ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ተጨማሪ ትእዛዝ ነው» እንደማለት ነው። በአንድ ሊንክ ውስጥ የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ ትእዛዝ ካለ በ`&` ይቀጠላል። `si=` ብሎ የሚጀምረው ዩቲዩብ ሊንኩ ከየትኛው ማጋራት እንደመጣ የሚያውቅበት ምልክት ነው። ቪዲዮውን ለመክፈት አያስፈልግም፤ ብታጠፉት የሚጎድል ነገር የለም።

የመነሻው ሰዓት ትእዛዝ `t=` ይባላል። ከእሱ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ቪዲዮው ከስንተኛው ሰከንድ እንዲነሳ እንደምትፈልጉ ይናገራል።

ችግሩ የሚመጣው ሁሉም ሊንክ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ከኮምፒውተር የተላከላችሁ `watch?v=` ይኖረዋል፤ የቀጥታ ስርጭት ቅጂ ከሆነ `live/` ይኖረዋል፤ ከአጫዋች ዝርዝር ውስጥ ከተወሰደ ደግሞ `list=` ተከትሎት ይመጣል። «`?t=` ጨምሩ» ወይም «`&t=` ጨምሩ» የሚሉ ምክሮች እርስ በርስ የሚጋጩ የሚመስሉትም ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ለአንድ ዓይነት ሊንክ ብቻ ትክክል ነው። እኔ የምመክረው የመጣውን ሊንክ መቀጣጠል ትታችሁ፣ 11ዱን ፊደል ብቻ አውጥታችሁ ሊንኩን እንደ አዲስ እንድትሠሩት ነው። ከየትም ይምጣ፣ መጨረሻው ሁልጊዜ ይህን መልክ ይይዛል፤

```
https://youtu.be/መለያው?t=ሰከንዱ
```

አሠራሩ

1. ቦታውን ፈልጉና ቪዲዮውን አቁሙት።

ቪዲዮውን ዩቲዩብ አፕ ላይ ክፈቱ። ወደሚፈለገው አካባቢ በመስመሩ ላይ በጣታችሁ ሂዱ። ከደረሳችሁ በኋላ ግን መስመሩን ተዉት፤ በአራት ሰዓት ቪዲዮ ላይ የጣት ትንሽ ንቅናቄ ደቂቃዎችን ያዘልላል። በእሱ ፈንታ የስክሪኑን ቀኝ ወይም ግራ ጎን ሁለቴ መታ መታ አድርጉ። ቀኙ 10 ሰከንድ ወደፊት፣ ግራው 10 ሰከንድ ወደኋላ ይወስዳችኋል። ስሟ ሲጠራ አቁሙት።

ሰዓቱ በቪዲዮው ግርጌ ይታያል። ሁለት ቁጥር ሲኖር የመጀመሪያው የደረሳችሁበት፣ ሁለተኛው የቪዲዮው ጠቅላላ ርዝመት ነው። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ካያችሁ የሚያሳየው የቀረውን ጊዜ ነውና አንድ ጊዜ ንኩት፤ ወደ ደረሳችሁበት ሰዓት ይመለሳል። የቀረውን ጊዜ ይዞ ሊንክ የሠራ ሰው ፈጽሞ የማይገናኝ ቦታ ላይ ነው የሚልከው።

2. ትንሽ ወደኋላ ሳቡት።

3:47:12 ላይ በትክክል ካስጀመራችሁት ስሟ ግማሹ ተብሎ ነው የሚሰማው። ተመልካቹ ሊንኩን ነክቶ፣ ቪዲዮው ተጭኖ፣ ድምፁን ከፍ እስኪያደርግ ጊዜ ያስፈልገዋል። የማን ስም እየተጠራ እንደሆነ፣ የትኛው የትምህርት ክፍል እንደደረሰ ለመረዳትም ጥቂት መንደርደሪያ ይፈልጋል። ለንግግር ወይም ለትምህርት ከአረፍተ ነገሩ መጀመሪያ 3 ሰከንድ ቀደም ማለት ይበቃል። እንዲህ ላለ የሰው ስም ለሚጠራበት ቦታ ግን 10 ሰከንድ እመርጣለሁ፤ ከእሷ በፊት ያለው ተመራቂ ስም ሲጠራ ይጀምርና ቤተሰቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ስለዚህ የምንይዘው 3:47:02 ነው።

ቁጥሩን ወዲያው ጻፉት። ወደ ሌላ አፕ ስትሄዱ ቪዲዮው በራሱ ሊቀጥል ስለሚችል፣ ተመልሳችሁ ስታዩት ሌላ ቦታ ላይ ታገኙታላችሁ።

3. ሰዓቱን ወደ ሰከንድ ቀይሩ።

ዩቲዩብ ራሱ ሊንክ ሲሠራ የሚጽፈው በሰከንድ ነው፤ ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ይህ ነው። ሰዓቱን በ3600፣ ደቂቃውን በ60 አባዙ፤ ከዚያ ሁሉንም ከሰከንዱ ጋር ደምሩ። የእኛ ምሳሌ፤

3 ሰዓት × 3600 = 10800
47 ደቂቃ × 60 = 2820
ሰከንዱ = 2
ድምሩ 13622

ቪዲዮው ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው ያለው። 12:34 ማለት 12 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ነው፤ 12 × 60 = 720፣ ሲደመር 34፣ 754 ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ሦስት ቁጥር ያለውን እንደ ሁለት ማንበብ ነው። 3:47:02ን «3 ደቂቃ ከ47» ብላችሁ ካሰባችሁ 227 ታገኛላችሁ፤ ሊንኩም ገና እንግዶች ቦታ ሲይዙ ያስጀምራል። መጀመሪያ ስንት ሁለት ነጥብ እንዳለ ቁጠሩ፤ ሁለት ከሆኑ ሰዓት አለበት።

ስሌቱን የማትወዱ ከሆነ ዩቲዩብ `3h47m02s` ተብሎ ሲጻፍም ይረዳል። `h` ሰዓት፣ `m` ደቂቃ፣ `s` ሰከንድ ነው፤ ሁሉም በትንሹ ፊደል፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ ያለ ክፍተት። እንዲህ የተጻፈውን በኋላ ስታዩት የትኛው ደቂቃ እንደሆነ ወዲያው ስለሚገባችሁ ለራሳችሁ ማስታወሻ ጥሩ ነው።

4. ሊንኩን ኮፒ አድርጉ።

ከቪዲዮው ሥር `Share` የሚለውን፣ ከዚያ `Copy link` የሚለውን ንኩ። በዚህ ጊዜ አፓችሁ `Start at` የሚል ምርጫ ካሳያችሁ ዕድለኛ ናችሁ፤ እሱን ምረጡ፣ ሰዓቱን 3:47:02 አድርጉና ኮፒ ካደረጋችሁ በኋላ ቀጥታ ወደ 6ኛው ደረጃ እለፉ። ካላሳያችሁ በእጅ እንሠራዋለን።

ኮፒ ያደረጋችሁትን `Saved Messages` የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ፔስት አድርጉ፤ ገና አትላኩት። የምረቃው ቪዲዮ የቀጥታ ስርጭት ቅጂ ስለሆነ እንዲህ ሊመጣ ይችላል፤

```
https://youtube.com/live/ABCdef12345?si=Xy7kQ
```

5. መለያውን አውጡና አዲሱን ሊንክ ሥሩ።

መለያው ያለበት ቦታ እንደ ሊንኩ ዓይነት ይለያያል። `youtu.be/` ካለ ከእሱ ቀጥሎ፣ `live/` ካለ ከእሱ ቀጥሎ፣ `watch?v=` ካለ ደግሞ ከ`v=` ቀጥሎ ያሉት 11 ናቸው። የሚያበቁት `?` ወይም `&` ሲመጣ ነው፤ ወይም ሊንኩ ራሱ እዚያው ያልቃል።

መለያውን እያያችሁ በእጃችሁ አትጻፉት። የ`l` ትንሹ ፊደልና የ`I` ትልቁ፣ ዜሮና `O` በስልክ ስክሪን ላይ ሊለዩ አይችሉም። ይልቅ በዙሪያው ያለውን አጥፉ። ጠቋሚውን ሊንኩ መጨረሻ ላይ አድርጉና ከኋላ ወደፊት እያጠፋችሁ `?si=` ከነጥያቄ ምልክቱ ይውጣ። ከዚያ ጠቋሚውን ከመለያው ፊት አምጡና `youtube.com/live/` የሚለውን በ`youtu.be/` ተኩ። የቀረው ይህ ነው፤

```
https://youtu.be/ABCdef12345
```

ኪቦርዱ እንግሊዝኛ መሆኑን አይታችሁ፣ ጫፉ ላይ ምንም ክፍተት ሳትተዉ `?t=13622` ጨምሩ። የጥያቄ ምልክቱና የእኩል ምልክቱ ያሉት የቁጥሮቹ ገጽ ላይ ነው፤ የእኩል ምልክቱን ለማግኘት በአንዳንድ ኪቦርድ አንድ ገጽ ማለፍ ያስፈልጋል። ያለቀለት ሊንክ፤

```
https://youtu.be/ABCdef12345?t=13622
```

ያገኛችሁት ሊንክ `watch?v=` ያለበት ሆኖ እንዳለ መተው ከፈለጋችሁ የጥያቄ ምልክቱ አስቀድሞ ስለተያዘ ሰዓቱ በ`&` ይቀጠላል። ይህም በደንብ ይሠራል፤

```
https://www.youtube.com/watch?v=ABCdef12345&t=13622
```

6. ለራሳችሁ ላኩና ሞክሩት።

`Saved Messages` ላይ ላኩትና መጀመሪያ ቀለሙን እዩ። ቴሌግራም ሊንክ ብሎ የተረዳውን ክፍል በተለየ ቀለም ያሳያል። ቀለሙ እስከ መጨረሻው ቁጥር ድረስ መድረስ አለበት። `?t=13622` የሚለው እንደ ተራ ጽሑፍ ከቀረ በመካከሉ ክፍተት ገብቷል ማለት ነው።

ከዚያ ንኩት። ማስታወቂያ ካለ ይቀድማል፤ እሱ ሲያልፍ ቪዲዮው 3:47:02 ላይ መነሳት አለበት። አንድ ሁለት ሰከንድ ልዩነት ቢያሳይ አያሳስብም፤ 10 ሰከንድ ወደኋላ የሳብነውም ለዚህ ጭምር ነው። ሙከራው የሚጠቅመው ስሌቱን ለማረጋገጥ ብቻ አይደለም። ሊንኩ ለእናንተ ከተበላሸ ለአያትየው ጨርሶ ተበላሽቷል፤ እሳቸው ምን እንደጎደለ አይተው የሚያስተካክሉበት መንገድ የላቸውም።

7. ከአጭር ማብራሪያ ጋር ላኩት።

ሊንኩን ብቻውን አትላኩ። ከላዩ ምን እንደሚታይ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰዓቱን በቁጥር ጻፉ፤

የሳሮን ስም ሲጠራ
`https://youtu.be/ABCdef12345?t=13622`
(ከመጀመሪያው ከጀመረላችሁ 3:47:02 ላይ ሂዱ)

ሦስተኛው መስመር ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ ግን አንዳንዱ ሰው ቪዲዮውን የሚያየው በቴሌቪዥን ላይ ራሱ ፈልጎ ነው፤ ሌላው ሊንኩን ለሦስተኛ ሰው ሲያስተላልፍ ጫፉን ይቆርጠዋል። ሰዓቱ በጽሑፍ ካለ ማንም ቦታውን አያጣውም። ሊንኩ ለብቻው መስመር ይኑረው። «…t=13622 ላይ ነው» ብላችሁ ስትቀጥሉ ወይም አራት ነጥብ ከጫፉ ጋር ስታጣብቁ፣ አንዳንድ አፕ ተከታዩን ምልክት የሊንኩ አካል አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

ከአንድ ቪዲዮ ሁለትና ሦስት ቦታ ማሳየት ከፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ የየራሱን ሊንክ ሥሩ። መለያው አንድ ስለሆነ የሚቀየረው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው፤ አንዱን ኮፒ አድርጎ ቁጥሩን መለወጥ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቀጥታ ስርጭት ቅጂዎች

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልጉት እነዚህ ናቸው። ስርጭቱ ገና እየተላለፈ ከሆነ ሊንኩን አትሥሩ፤ ተቀባዩ ሲከፍተው ወደ ቀጥታው ሊወስደው ይችላል። እስኪያልቅና ሙሉው ቅጂ እስኪወጣ ጠብቁ።

ሁለተኛው ነገር ብዙም አይታወቅም። የቻናሉ ባለቤት በዩቲዩብ ማስተካከያ የቪዲዮውን መጀመሪያ መቁረጥ ይችላል፤ ሲቆርጠው መለያው አይቀየርም። የምረቃ፣ የሠርግና የጉባኤ ስርጭቶች ብዙ ጊዜ «በቅርቡ እንጀምራለን» በሚል ምስል ስለሚጀምሩ ባለቤቱ በማግስቱ ያንን 20 ደቂቃ ያስወግደዋል። ያኔ 3:47:02 የነበረው 3:27:02 ይሆናል፤ የእናንተ ሊንክ ግን አሁንም 13622 ላይ ያስጀምራል፣ ስሟ ከተጠራ ከ20 ደቂቃ በኋላ ማለት ነው። ሊንኩ «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ሌላ ቦታ ከፈተ» ከተባላችሁ የቪዲዮውን ጠቅላላ ርዝመት ከበፊቱ ጋር አስተያዩ። ካጠረ የተቆረጠውን ያህል ሰከንድ ቀንሱ፤ 20 ደቂቃ 1200 ሰከንድ ነው፣ ስለዚህ 13622 ሲቀነስ 1200፣ 12422። የተቆረጠው ከመጨረሻው ከሆነ ግን ሰዓቱ አይነካም፤ ለዚህ ነው ከቀነሳችሁ በኋላ እንደገና መሞከር ያለባችሁ።

ሌላው፣ ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ ስርጭት ቅጂው በራሱ ላይቀመጥ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ የዘለቀ ጉባኤ ከሆነ ቅጂው መኖሩን አረጋግጣችሁ ነው ወደ ሰዓቱ ፍለጋ መግባት የሚገባችሁ። የግል የተደረገ ቪዲዮ ደግሞ ሊንኩ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ፈቃድ ለሌለው ሰው አይከፈትም።

የሚያጋጥሙ ስህተቶች

*ቪዲዮው ይከፈታል፣ ግን ከዜሮ ይጀምራል።* በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የጥያቄ ምልክት ነው፤

```
https://youtu.be/ABCdef12345?si=Xy7kQ?t=13622
```

ዩቲዩብ ከመጀመሪያው `?` በኋላ ያለውን ሁሉ የ`si` ዋጋ አድርጎ ያነበዋል፤ `t` የሚባል ትእዛዝ መኖሩን አያውቅም። መለያው ጤነኛ ስለሆነ ቪዲዮው ይከፈታል፤ ሰዎችም «አይሠራም እንዴ?» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛውን `?` በ`&` ቀይሩት ወይም `si`ን አጥፉት።

ምልክቱ አንድ ብቻ ሆኖም ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ `t`ን እዩት። ስልኩ የመጀመሪያ ፊደልን በራሱ ትልቅ ሲያደርግ `T=` ሊሆን ይችላል፤ ይህ አይሠራም። ቁጥሩ በግእዝ አኀዝ ከተጻፈም አይነበብም። ሰዓቱን እንዳለ `t=3:47:02` ብሎ መጻፍም ስህተት ነው፤ ወይ በሰከንድ ወይ በ`h`፣ `m`፣ `s` ነው የሚጻፈው።

*ከ12 ሰከንድ ላይ ይጀምራል።* 12ኛው ደቂቃን ፈልጋችሁ `t=12` ብላችኋል። ፊደል ያልተከተለው ቁጥር ሁልጊዜ ሰከንድ ነው። `t=720` ወይም `t=12m` አድርጉት።

*«ቪዲዮው የለም» ይላል።* መለያው ተነክቷል። 11 መሆናቸውን ቁጠሩ፤ ስታጠፉ አንዱን አብራችሁ አጥፍታችሁ ይሆናል። ከ4ኛው ደረጃ እንደገና ኮፒ ማድረግ ከመፈለግ ይፈጥናል።

*እናንተ ምንም ሳትጨምሩ ከመሃል ይጀምራል።* ይህ ተቃራኒው ችግር ነው። በኮምፒውተር ብራውዘር ላይ ቀደም ሲል በከፊል ያያችሁትን ቪዲዮ ስትከፍቱ፣ ዩቲዩብ ካቆማችሁበት ለማስቀጠል `&t=1834s` የሚመስል ነገር ራሱ አድራሻው ላይ ሊጨምር ይችላል። አድራሻውን እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ ከላካችሁት ተቀባዩም እናንተ ካቆማችሁበት ይጀምራል። ከመላካችሁ በፊት ከ`&t=` ጀምሮ ያለውን አጥፉ። የራሳችሁን ሰዓት የምትጨምሩ ከሆነም የድሮው ይውጣ፤ ሁለት `t` ያለበት ሊንክ የትኛውን እንደሚከተል አይታወቅም።

*ተቀባዩ ሌላ ቪዲዮ ተከትሎ መጣብኝ ይላል።* `&list=` ያለበትን ሊንክ ነው የላካችሁት፤ ከቪዲዮው ጋር ዝርዝሩም አብሮ ሄዷል። መለያውን ብቻ አውጥታችሁ ስትሠሩት ይህ ችግር አይኖርም።

ኮምፒውተር ላላችሁ

እዚህ ስሌት የለም። ቪዲዮውን በሚፈለገው ቦታ አቁሙ፤ ቪዲዮው ራሱ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫኑና ከሚመጣው ዝርዝር `Copy video URL at current time` የሚለውን ምረጡ። በቃ፣ ሰዓቱ የገባበት ሊንክ ኮፒ ተደርጓል። ወይም `Share` ብላችሁ `Start at` ያለውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት፤ በጎኑ ያለውን ሰዓት በእጃችሁ ማስተካከል ስለምትችሉ 10 ሰከንዱን የምትቀንሱት እዚያው ነው። ቦታውን ለመፈለግ `J` 10 ሰከንድ ወደኋላ፣ `L` 10 ሰከንድ ወደፊት፣ `K` ለማቆምና ለማስቀጠል ያገለግላሉ።

ቪዲዮውን በራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ ለምትለጥፉ ደግሞ ደንቡ ይለያል። እዚያ `t` ሳይሆን `start` ነው፤ የሚቀበለውም ሰከንድ ብቻ ነው።

```
https://www.youtube.com/embed/ABCdef12345?start=13622
```

ሊንክ ሳያስፈልግ

ተቀባዮቹ ቪዲዮውን አስቀድመው ከፍተው የሚያዩ ከሆነ፣ ከሥሩ ባለው አስተያየት መስጫ ላይ `3:47:02` ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃል። ዩቲዩብ ራሱ ወደሚነካ ሰዓት ይቀይረዋል። እዚህ በሰከንድ መለወጥ አያስፈልግም፤ በሁለት ነጥብ የተጻፈው ነው የሚሠራው። በአማርኛ ኪቦርድ ያለው `፡` ግን ሁለት ነጥብ ቢመስልም ሌላ ምልክት ነው፤ በእሱ ከጻፋችሁት እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀራል።

ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ቴሌግራም ላይ የተጫነ ከሆነም እንዲሁ ነው። ከቪዲዮው ጋር በሚሄደው ጽሑፍ ላይ፣ ወይም ለቪዲዮው በምትሰጡት ምላሽ ላይ `12:34` ብላችሁ ስትጽፉ ሰዓቱ ራሱ ሊንክ ይሆናል፤ የነካው ሰው ቪዲዮው ከዚያ ይነሳለታል። ምላሽ መስጠቱን ግን አትርሱ፤ ለብቻው እንደ አዲስ መልእክት ከተላከ የየትኛው ቪዲዮ ሰዓት እንደሆነ ቴሌግራም የሚያውቅበት መንገድ የለውም።